አረቢካና ሮቡስታ ከልክ በላይ ሲራራቁ፦ ማንቂያው የሚሠራው እንዴት ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና ከሚነግድ ሰው ጋር ከተቀመጣችሁ ወሬው ከኒውዮርክ አይርቅም። "ኒውዮርክ ስንት ገባ?" ይባላል፣ ስልክ ይወጣል፣ አንድ ቁጥር ይነበባል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ቁጥር፣ ማለትም የአረቢካ ዋጋ፣ ብቻውን መነበቡ ነው። ለንደን ላይ ሌላ ቁጥር አለ፣ የሮቡስታ ዋጋ። እኛ ጋ ሮቡስታ ስለማይመረት ማንም አይጠይቅም። የኛን ቡና ከላኪው ገዝተው የሚቆሉት የውጭ ቆዪዎች ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ነው የሚያዩት። ብዙዎቹ ደግሞ ሁለቱ ከተለመደው በላይ ሲራራቁ ወይም ሲቀራረቡ ኮምፒውተራቸው እንዲጮህላቸው አድርገዋል።

ይሄ ማንቂያ ምንም ምትሃት የለበትም። አንድ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃዋል። ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ መረዳቱ ነው ከባዱ፣ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ለመሆኑ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

አረቢካና ሮቡስታ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው። አረቢካ ደጋና ወይናደጋ ይወዳል፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሮቡስታ ቆላ ላይ ይበቅላል፣ መራራና ጠንካራ ነው፣ ካፌኑም ይበዛል። የአረቢካ ትልቋ አምራች ብራዚል ናት፣ የሮቡስታ ደግሞ ቬትናም። አየሩም፣ የምርት ወቅቱም፣ ችግሩም ይለያያል። እንግዲያው ዋጋቸው ለምን አብሮ ይሄዳል?

የሚያገናኛቸው ቆዪው ነው። በብዙ አገር ሱፐርማርኬት ላይ የሚሸጠው ፓኬት ቡና የሁለቱ ድብልቅ ነው። አረቢካ በጣም ሲወደድ ቆዪው ድብልቁ ውስጥ ሮቡስታውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሮቡስታ ሲወደድ ደግሞ ወደ ርካሹ አረቢካ ይመለሳል። በቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች አስቧቸው። አንዱ ቀድሞ ሊጎትት ይችላል፣ ሌላው ሊያዘግም ይችላል፣ ቀንበሩ ግን ብዙ እንዲራራቁ አይፈቅድላቸውም። ማንቂያው የሚያየው በሬዎቹ የት እንደደረሱ ሳይሆን ቀንበሩ ምን ያህል እንደተንጋደደ ነው።

ገደብ ግን አለው። ድብልቅ በአንድ ቀን አይቀየርም። ቆዪው አዲሱን ይሞክራል፣ ያስቀምሳል፣ የያዘውን ክምችት ይጨርሳል፣ ይሄ ወራት ይፈጃል። "100 ፐርሰንት አረቢካ" ብሎ ፓኬቱ ላይ የጻፈው ደግሞ ጭራሽ መቀየር አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር በቀን ሳይሆን በወራት ነው የሚሠራው። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ልዩነቱስ እንዴት ይሰላል?

እዚህ ጋ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ዋጋ የሚነገረው በአሜሪካ ሴንት፣ ለአንድ ፓውንድ ነው። ለንደን ላይ ሮቡስታ የሚነገረው በዶላር፣ ለአንድ ቶን ነው። አንዱ 300፣ ሌላው 4200 ይላል። እነዚህን በቀጥታ መቀነስ ፈረሱላን ከኩንታል እንደመቀነስ ነው።

አንድ ቶን 2204.62 ፓውንድ ነው። ስለዚህ የኒውዮርኩን ሴንት በ22.0462 ስታባዙት በቶን ስንት ዶላር እንደሆነ ታገኛላችሁ። 300 ሴንት ሲባዛ 6614 ዶላር ገደማ ይመጣል። አሁን ሁለቱም በቶን ዶላር ሆኑ፤ 6614 ለአረቢካ፣ 4200 ለሮቡስታ። በመካከላቸው 2414 ዶላር አለ።

ይሄን 2414 ብዙ ሰው "ልዩነቱ" ብሎ ይይዘዋል። እኔ ግን ለማንቂያ አልመርጠውም፣ ለምን እንደሆነ እነሆ።

በዶላር ልቁጠረው ወይስ በእጥፍ?

ሦስት ጊዜዎችን እንይ፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቁጥሮቹም ገደማ ናቸው። በ2021 ሐምሌ ላይ ብራዚልን ውርጭ መታት፣ አረቢካ ወጣ። በ2022 መጀመሪያ አረቢካ 250 ሴንት አካባቢ ሲሆን ሮቡስታ 2250 ዶላር አካባቢ ነበር። በቶን ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 3260 ዶላር ነው።

ከዚያ ተራው የሮቡስታ ሆነ። ቬትናም ውስጥ አቅርቦት አጠረ፣ በ2024 መጀመሪያ ድርቅ ተጨመረበት፣ ሮቡስታ በታሪኩ አይቶት የማያውቀው ዋጋ ላይ ወጣ። በ2024 አጋማሽ አረቢካ 240 ሴንት አካባቢ፣ ሮቡስታ ደግሞ 4500 ዶላር አካባቢ ነበሩ። ልዩነቱ ወደ 800 ዶላር ወረደ።

በዚያው ዓመት ብራዚልም ደረቀች። ታህሳስ 2024 ላይ አረቢካ ከ1977 ጀምሮ ያልተነካውን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ430 ሴንት በላይ ሄደ። ሮቡስታ 5700 አካባቢ ነበር። ልዩነቱ ወደ 3780 ዶላር ተመለሰ።

በዶላር ብቻ ካያችሁት በ2025 ሁለቱ ከ2022ም በላይ ተራርቀዋል ትላላችሁ። አሁን ደግሞ አረቢካው የሮቡስታው ስንት እጥፍ እንደሆነ እንይ። በ2022 ወደ 2.45 እጥፍ ነበር። በ2024 አጋማሽ 1.18። በ2025 መጀመሪያ 1.66። ነገሩ ተገለበጠ! በ2025 አረቢካ ከሮቡስታ አንፃር ከ2022 ይልቅ ርካሽ ነበር ማለት ነው። ዶላሩ የተለጠጠው የሁለቱም ዋጋ ስላበጠ ነው፣ ከመነሻው ሁለቱ ቁጥሮች ትልልቅ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ቁጥርም ትልቅ ይሆናል።

ድብልቅ የሚቀይረው ቆዪ የሚያስበው በእጥፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምንከታተለው እጥፉን ነው። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የዚህን ሎጋሪዝም ይወስዳሉ፣ ለኛ ሥራ ግን ያለሱም ይሄዳል።

"ሩቅ" ማለት ስንት ነው?

ዛሬ እጥፉ 1.575 ነው እንበል። ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? ብቻውን መልስ የለውም። ሁለት ነገር ያስፈልገናል።

አንደኛው አማካዩ ነው። ያለፉትን 60 የግብይት ቀናት እጥፍ ደምሮ ለ60 ማካፈል፣ በቃ። ለምሳሌ 1.50 መጣ እንበል።

ሁለተኛው ቁጥሩ በዚያ አማካይ ዙሪያ በተለመደው ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለው ይሄ ነው። በየቀኑ 1.49፣ 1.51፣ 1.50 እያለ የሚሄድ ቁጥርና 1.30፣ 1.70፣ 1.45 እያለ የሚዘል ቁጥር አማካያቸው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ለመጀመሪያው 1.575 ትልቅ ነገር ነው፣ ለሁለተኛው ተራ ቀን ነው። በኛ ምሳሌ የተለመደው መዋዠቅ 0.03 ነው እንበል።

አሁን ከዛሬው ላይ አማካዩን ቀንሱ፣ 0.075 ይቀራል። ለ0.03 አካፍሉት፣ 2.5 ይመጣል። የዛሬው እጥፍ ከአማካዩ በተለመደው መዋዠቅ ሁለት ተኩል ጊዜ ርቋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ዜድ ይሉታል። ከአማካዩ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ፣ በታች ከሆነ ኔጌቲቭ ነው።

ብዙ ሰው ማንቂያውን 2 ላይ ያስቀምጠዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ከ2 የሚያልፈው ከመቶ ቀን አምስቱ ብቻ ነው ይላል። ገበያ ግን መጽሐፍ አላነበበም። ለወራት ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትሎ ከ2 ያልፋል፣ ምክንያቱም የዛሬው እጥፍ ከትናንቱ ተነስቶ ነው የሚሄደው፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ዕጣ አይወጣም። ስለዚህ "2.5 ነው፣ ይሄ እንግዲህ ብርቅ ነው" ብላችሁ ቤታችሁን አታስይዙ።

በተራ ሠንጠረዥ እንዴት ይሠራል?

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ክፈቱ። `A` ላይ ቀኑን፣ `B` ላይ የአረቢካውን መዝጊያ ዋጋ በሴንት፣ `C` ላይ የሮቡስታውን መዝጊያ በዶላር ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር ርዕስ ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ በየቀኑ አንድ መስመር። `D` እጥፉን ያሰላል፣ ከመስመር 2 ጀምሮ እስከ ታች ድረስ። 60 ቀን ሲሞላ፣ ማለትም መስመር 62 ላይ ስትደርሱ፣ `E` ዜዱን ማስላት ይጀምራል።

```
D62: =B62*22.0462/C62
E62: =(D62-AVERAGE(D2:D61))/STDEV(D2:D61)
```

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አማካዩ የሚሰላው እስከ መስመር 61 ነው፣ የዛሬው አይገባበትም። ዛሬን ከነበረው ጋር ልታወዳድሩ ከሆነ ዛሬ ራሱ በመለኪያው ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ መዋዠቁንም ያሰፋል፣ ዜዱም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ ማንቂያው። ቀላሉ መንገድ "ዜድ ከ2 ካለፈ ጩህ" ነው። ችግሩ ዜዱ 2.1፣ 1.9፣ 2.05፣ 1.95 እያለ ድንበሩ ላይ ሲጨፍር ማንቂያው በየሁለት ቀኑ ይጮሃል። በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይሰማውም፣ በሦስተኛው ያጠፋዋል። መፍትሄው ሁለት ድንበር ማድረግ ነው። 2 ሲደርስ አንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ከዚያ ዜዱ ወደ 0.5 እስኪወርድ ድረስ እንደገና አይጮህም።

```
F62: =IF(ABS(E62)>=2,1,IF(ABS(E62)<=0.5,0,F61))
G62: =IF(AND(F62=1,F61=0),"ማንቂያ","")
```

`F61` ላይ በእጃችሁ 0 አስገቡና ቀመሮቹን ወደ ታች ጎትቱ። በምሳሌያችን ዛሬ ዜዱ 2.5 ስለሆነ `G` ላይ "ማንቂያ" ይጻፋል። ነገ አረቢካ 296 ሴንት፣ ሮቡስታ 4230 ቢሆን እጥፉ 1.543 ይሆናል፣ ዜዱም ወደ 1.4 ይወርዳል። ከ2 በታች ነው፣ ግን ገና 0.5 አልደረሰም፣ ስለዚህ ማንቂያው ነቅቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከነገ ወዲያ እንደገና 2.1 ቢሆን ሁለተኛ አይጮህም። ነገሩ ያው አንዱ ነዋ።

ጮኸ እንበል። መጀመሪያ ምን ልይ?

ገበያውን አይደለም! መጀመሪያ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ነው። አዲስ ከተሠራ ማንቂያ አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ከብራዚል ሳይሆን ከመዝገቡ ነው።

ዋናው ጥፋተኛ የውሉ ወር ነው። ኒውዮርክም ለንደንም ላይ የሚገበያዩት በተወሰነ ወር ለሚደረግ ርክክብ በገቡት ውል ነው። አረቢካ አምስት ወር አለው፤ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር። ሮቡስታ ስድስት አለው፤ ጃንዋሪ፣ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር፣ ኖቬምበር። አያችሁ፣ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ይገጥማሉ፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን አረቢካው ዲሴምበር ሲል ሮቡስታው አንድም ኖቬምበር አንድም ጃንዋሪ ነው።

የርክክቡ ጊዜ ሲቃረብ ነጋዴው ወደ ቀጣዩ ወር ይሸጋገራል፣ ስልካችሁ ላይ የሚታየው ዋጋም ሳይነግራችሁ አብሮ ይሸጋገራል። የዲሴምበር አረቢካ 300፣ የማርቹ 294 ነው እንበል። ትናንት 300 መዝግባችሁ ዛሬ 294 ብትመዘግቡ እጥፉ ከ1.575 ወደ 1.543 ይወርዳል። በምሳሌያችን መዋዠቅ ይሄ ከአንድ ዜድ በላይ ነው፣ ግን አንድ ፍሬ ቡና እንኳ ዋጋው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የወሩ ስም ነው። ሁለቱ ገበያዎች በተለያየ ሳምንት ስለሚሸጋገሩ ደግሞ አንዱ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ሊያናውጣችሁ ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማሸጋገርና፣ ስትሸጋገሩ ያለፉትን 60 ቀናት በአዲሱ ወር ዋጋ እንደገና መሙላት ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። ለዲሴምበሩ አረቢካ አጣማሪ ስትመርጡ ደግሞ ጃንዋሪን ከያዛችሁ በየዓመቱ ጃንዋሪን ያዙ፣ አንዴ ኖቬምበር አንዴ ጃንዋሪ አታድርጉት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የለንደን ሮቡስታ በለንደን አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5፡30 ላይ ይዘጋል፣ የኒውዮርክ አረቢካ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ። በኛ ሰዓት የኒውዮርኩ መዝጊያ በበጋቸው ማታ 2፡30፣ በክረምታቸው 3፡30 ነው። ማታ 1፡45 ላይ ከፍታችሁ ሁለቱንም ከመዘገባችሁ አንዱ የተዘጋ፣ ሌላው ገና የሚሯሯጥ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ጠዋት መመዝገብ ይሄን ይፈታል። በዓልም እንደዚያው ነው። ጁላይ 4 ኒውዮርክ ዝግ ነው፣ ለንደን ክፍት ነው። ያን ቀን ስልኩ ለአረቢካ የትናንቱን ዋጋ ያሳያችኋል፣ እናንተም እንደ ዛሬ ዋጋ ትመዘግቡታላችሁ። አንዱ ገበያ ዝግ በሆነበት ቀን መስመሩን ጭራሽ አትጻፉ።

ሦስተኛው የጣት ስህተት ነው፣ ይሄኛው ከሚመስለው በላይ ተንኮለኛ ነው። 4200 በማለት ፈንታ 42000 ተጻፈ እንበል። ያን ቀን ዜዱ ከ40 በላይ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ማንም ያየዋል። ትልቁ ጉዳት ግን ካልታረመ በኋላ የሚመጣው ነው። ያቺ አንዲት የተበላሸች መስመር በ60 ቀኑ መስኮት ውስጥ ስለምትቆይ መዋዠቁን ከ0.03 ወደ 0.18 ገደማ ታሳብጠዋለች። ከዚያ በኋላ እውነተኛው 2.5 ሲመጣ ማሽኑ 0.6 እንኳ የማይሞላ ነው ብሎ ያልፈዋል። ማለትም ማንቂያው ለሦስት ወር ያህል ደንቁሯል፣ ድምፅ ስለማያሰማ ደግሞ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ማንቂያ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ካለ `STDEV` የሚሰጠውን ቁጥር ለብቻው አውጥታችሁ እዩት። ድንገት ዘሎ ከፍ ካለ የሆነች መስመር ውስጥ ችግር አለ።

መዝገቡ ንጹህ ነው። አሁንስ?

አሁን የትኛው እንደተንቀሳቀሰ እዩ። እጥፉ ከፍ የሚለው አረቢካ ስለወጣም፣ ሮቡስታ ስለወረደም ነው። ዜዱ በሁለቱም 2.5 ይላል፣ ለጅማ ነጋዴ ግን ትርጉማቸው ለየቅል ነው።

ብራዚል ላይ ውርጭ ተፈርቶ አረቢካ ከወጣ የላኪው መሸጫ በዚያው ቀን ይነካል፣ አቅራቢውም ጀንፈል የሚገዛበትን ዋጋ እንደገና ያስባል። ቬትናም ምርት በደንብ ገብቶላት ሮቡስታ ከወረደ ግን ዛሬ ጅማ ላይ ምንም አይታይም። ኒውዮርክ ያው ነው። ነገሩ የሚመጣው ወራት ቆይቶ ነው፣ ቆዪዎች ድብልቁን ወደ ርካሹ ሲያዘነብሉ። ያኔ መጀመሪያ የሚገፋው ይርጋጨፌ ተብሎ በስሙ የሚፈለገው ሳይሆን ድብልቅ ውስጥ የሚገባው ተራ ደረቅ ቡና ነው። ከኛ አካባቢ በብዛት የሚወጣው ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ ማንቂያው ከዜዱ ጋር ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች ቢያሳያችሁ ጥሩ ነው፤ አረቢካ በ20 ቀን ውስጥ በመቶ ስንት ተለወጠ፣ ሮቡስታስ? አንዱ 1 በመቶ ሌላው 9 በመቶ ከሆነ ወሬውን የት እንደምትፈልጉ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ከአማካዩ ከራቀ ይመለሳል ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ማንቂያው የሚለው "የዛሬው እጥፍ ካለፉት 60 ቀናት ጋር አይመሳሰልም" ብቻ ነው። ይመለሳል አላለም። ከ2022 እስከ 2024 የሆነውን አስቡ። አረቢካ ከሮቡስታ ሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን የለመደ ሰው፣ እጥፉ ከ2 ወርዶ 1.8 ሲገባ "ወደ ቦታው ይመለሳል" ቢል፣ 1.6 ገባ። 1.4 ገባ። ከ1.2 በታች ወረደ። እጥፉ የወረደው ሮቡስታ በእርግጥ ስላጠረ ነው፣ በስህተት አይደለም። ቀንበሩ አልተንጋደደም፣ ቀንበሩ ራሱ ነው የተቀየረው።

የሚገርመው ደግሞ ማንቂያው ራሱ ይለምዳል። እጥፉ 1.2 ላይ ለሦስት ወር ከቆየ የ60 ቀኑ አማካይ ወደ 1.2 ይወርዳል፣ ዜዱም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዜዱ ወደ ዜሮ ተመለሰ ማለት ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም፣ አማካዩ ተከትሎት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ለመለየት ከ60 ቀኑ ጎን የ250 ቀን አማካይ፣ ማለትም የአንድ ዓመት ገደማ፣ ብታስቀምጡ ይረዳል። ሁለቱ አማካዮች በጣም ከተለያዩ መሬቱ ራሱ እየተንሸራተተ ነው።

ለነገሩ ከቡና የጠበቀ ግንኙነት ያላቸውም ቢሆኑ ይህን አያመልጡም። ሮያል ደችና ሼል ትራንስፖርት የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ፣ አንዱ የሆላንድ አንዱ የእንግሊዝ፣ ትርፋቸውን 60 ለ40 ለመካፈል በውል የተሳሰሩ። የአክሲዮናቸው ዋጋ በዚያው ልክ መሄድ ነበረበት፣ ግን ለዓመታት አንዱ ከሌላው ተወዶ ይሸጥ ነበር። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባለው የአሜሪካ ፈንድ "ይጠጋጋሉ" ብሎ በብድር ጭምር ገባበት። በ1998 ክፍተቱ ጭራሽ ሰፋ፣ ፈንዱ በሌሎች ተመሳሳይ ውርርዶችም ተመቶ ስለነበር ክፍተቱ እስኪጠብ የመጠበቅ አቅም አልቀረውም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ነው ከመፈራረስ ያተረፉት። ሁለቱ ኩባንያዎች የተዋሃዱት በ2005 ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፣ ሰባት ዓመት ዘገየ እንጂ።

ለጅማ ቡና ራሱስ ይሠራል?

ይሠራል፣ በሌላ ጥንድ። የኛ ቡና ለውጭ ገዢ ሲቀርብ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከኒውዮርክ አንፃር ነው፤ ጅማ 5 የሚባለው ደረጃ ከኒውዮርኩ ይህን ያህል ሴንት ሲደመር ወይም ሲቀነስ እየተባለ። ያ የሚደመረው ወይም የሚቀነሰው ቁጥር በራሱ ልዩነት ነው፣ ለኛ ደግሞ ከሮቡስታው የበለጠ ይቀርበናል። ኒውዮርክ ወጥቶ እዚህ ዋጋ ካልወጣ፣ "ኒውዮርክ ጨመረ፣ እኛ ጋ ምን ነካው?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ቁጥር ውስጥ ነው።

አካሄዱ ግን ትንሽ ይለያል። ይሄ ቁጥር ዜሮንም ሊያቋርጥ ስለሚችል እጥፍ አይሠራለትም፣ በሴንት እንዳለ ነው የሚያዘው። በየቀኑም አይገኝም፤ ላኪዎች በየተወሰነ ቀን ነው ለገዢ ዋጋ የሚያቀርቡት፣ አንዳንዴ ያቀረቡት ዋጋና በመጨረሻ የተስማሙበት ይለያያል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ሁልጊዜ ከዚያው ምንጭ መመዝገብ ይሻላል። የቀረበ ዋጋ ከጀመራችሁ የቀረበ ዋጋ ብቻ፣ የተሸጠበት ከጀመራችሁ የተሸጠበት ብቻ።

በሳምንት አንዴ ከሆነ 60 መስመር ከዓመት በላይ ነው፣ ያኛው ወቅት ከዚህኛው ጋር ይደባለቃል። 26 ሳምንት ይበቃል፣ ግማሽ ዓመት። በ26 ቁጥር የተሰላ መዋዠቅ ደግሞ ራሱ ብዙም አይታመንም፣ ስለዚህ ድንበሩን ከ2 ወደ 2.5 ከፍ አድርጉት። አዲሱ ምርት በሚገባበት በኅዳርና ታህሳስ አካባቢ የዋጋው መሠረት ከአሮጌው ምርት ወደ አዲሱ ስለሚዞር በዚያን ጊዜ የሚጮኸውን ማንቂያ እኔ አንድ ሳምንት ጠብቄ ነው የማየው። በቀጣዩ ሳምንትም ከድንበሩ በላይ ከሆነ ያኔ ለላኪው ይደወላል።